የነጻ ትምህርት ዕድል ለተከለከለ አመልካች፦ በአዲስ መረጃ ላይ የተመሠረተ የዳግም ዕይታ ደብዳቤ አጻጻፍ

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት አካባቢ የሚኖሩና ከዩኒቨርሲቲ የነጻ ትምህርት ዕድል ጠይቀው የተከለከሉ አመልካቾች ለተቋሙ መልሰው የሚጽፉት ደብዳቤ፣ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ማመልከቻ አስረዝሞና ይበልጥ አሳዛኝ አድርጎ የሚደግም ጽሑፍ ይሆናል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለኮሚቴው ቀድሞ ከተመለከተው የተለየ ነገር ስለማያቀርብለት፣ ኮሚቴው ቢራራ እንኳ ውሳኔውን የሚለውጥበት ምክንያት አያገኝም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከማመልከቻው በኋላ የቤተሰቡ ሁኔታ ለተለወጠ፣ ወይም በጊዜው ሊያቀርበው ያልቻለው ማስረጃ አሁን እጁ ለገባ አመልካች ሲሆን፣ ደረጃዎቹን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከተላል።

ምሳሌው የሚከተለው ነው። በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ አያት አካባቢ ከወላጆቿና ከሁለት ታናናሾቿ ጋር በኪራይ ቤት የምትኖር ተማሪ፣ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ለአራት ዓመት መርሐ ግብር ከተቀበላት በኋላ መስከረም 20 ቀን 2017 የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ አስገባች። አባቷ በአንድ የግል ድርጅት በወር 24,000 ብር ደመወዝ ይሠራ ነበር፤ እናቷ ቤት ውስጥ ልብስ እየሰፋች በወር 7,000 ብር ያህል ታገኛለች። ኮሚቴው ኅዳር 16 ቀን 2017 በጻፈው ደብዳቤ የቤተሰቡ ገቢ በመመሪያው ከተቀመጠው ጣሪያ በላይ መሆኑን ገልጾ ጥያቄውን አልተቀበለም። በመካከሉ ግን የአባቷ ድርጅት ሠራተኛ ለመቀነስ ወስኖ ጥቅምት 25 ቀን የስንብት ማስጠንቀቂያ ሰጠው፤ የመጨረሻ የሥራ ቀኑም ታኅሣሥ 25 ቀን ሆነ።

1. የመከልከያውን ምክንያት በጽሑፍ ማግኘት

የመጀመሪያው ሥራ ኮሚቴው ለምን እንደከለከለ በትክክል ማወቅ ነው፤ ምክንያቱም አዲሱ መረጃ የሚጠቅመው የተከለከለበትን ምክንያት በቀጥታ የሚነካ ሲሆን ብቻ ነው። ምክንያቶቹ በአብዛኛው ከአራት አያልፉም፤ የቤተሰብ ገቢ ከጣሪያው በላይ መሆን፣ የትምህርት ውጤት ከተወሰነው በታች መሆን፣ የማስረጃ አለመሟላት ወይም የተመደበው ቦታ በሌሎች ተወዳዳሪዎች መሞላት ናቸው። በምሳሌው ያለችው ተማሪ የተከለከለችው በገቢ ምክንያት ስለሆነ የአባቷ ከሥራ መሰናበት የውሳኔውን መሠረት ይነካል። ምክንያቱ የቦታ መሙላት ቢሆን ኖሮ ግን ቤተሰቡ ምንም ያህል ቢቸገር ኮሚቴው የሚሰጠው ቦታ አይኖረውም፤ በዚህ ጊዜ ተገቢው ጥያቄ የውሳኔ መለወጥ ሳይሆን በተጠባባቂነት መመዝገብ ነው፤ ዕድሉን ያገኘ ተማሪ ትቶት ሲሄድ ቦታው ለተጠባባቂ ሊደርስ ይችላል።

የክልከላው ማስታወቂያ ምክንያት የማይጠቅስ ከሆነ፣ ለምሳሌ በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የስም ዝርዝር ብቻ ከሆነ፣ አመልካቹ ከዋናው ደብዳቤ በፊት በሁለት መስመር ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽለት መጠየቅ ይኖርበታል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በሚመለከት፣ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ተቋማት ውሳኔያቸውን በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጡ ስለሚያዝ ይህ ጥያቄ የሕግ ድጋፍ አለው። የግል ተቋማት ግን በዋናነት የሚመሩት በራሳቸው የሴኔት ደንብና የነጻ ትምህርት መመሪያ ስለሆነ፣ የመመሪያውን ቅጂ ከሬጅስትራር ወይም ከተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ማግኘት ያስፈልጋል። ከመመሪያው የሚፈለጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ዳግም ዕይታ የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ፣ ጥያቄው የሚቀርብለት አካል፣ የገቢው ጣሪያና ገቢው የሚሰላበት መንገድ ናቸው። ገቢው የሚታየው ግብርና ጡረታ ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም፣ በኋላ የሚሠራውን ሒሳብ በሙሉ ስለሚወስን አስቀድሞ መጣራት አለበት።

በዚህ ደረጃ የሚፈጸመው የተለመደ ስሕተት ምክንያቱን ከጸሐፊዎችና ከጓደኞች ወሬ ሰምቶ ደብዳቤውን በዚያ ላይ መመሥረት ነው። በገቢ የተከለከለ ተማሪ በውጤት እንደተከለከለ አስቦ ስለ ውጤቱ ሁለት ገጽ ቢጽፍ፣ አንባቢው የሚፈልገውን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አያገኝም።

2. መረጃው በእርግጥ አዲስ መሆኑን በሁለት ቀኖች መፈተሽ

አዲስ መረጃ የሚባለው ኮሚቴው ሲወስን በመዝገቡ ውስጥ ያልነበረና አመልካቹም በወቅቱ ሊያቀርበው የማይችለው የነበረ መረጃ ነው። ለመፈተሽ ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን መጻፍ ይበቃል፤ አንዱ ማመልከቻው ከነማስረጃው የገባበት ቀን፣ ሌላው ለውጡ የደረሰበት ቀን ነው። ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው በኋላ ከሆነ መረጃው ያለ ብዙ ክርክር አዲስ ነው። ሁለተኛው ቀን ቀድሞ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ የቤት ኪራዩ ከማመልከቻው በፊትም ያው 11,000 ብር ከነበረ፣ መረጃው ችላ ተብሎ ያልቀረበ እንጂ አዲስ አይደለም፤ ኮሚቴውም ይህን በቀላሉ ይለያል።

በመካከል የሚወድቁ ሁኔታዎች አሉ። ነገሩ ቀድሞ የነበረ ሆኖ ማስረጃው ዘግይቶ የደረሰ ሊሆን ይችላል፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቅሬታ ቀርቦበት የተስተካከለ ውጤት ወይም ከሆስፒታል ዘግይቶ የወጣ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ የዚህ ዓይነት ነው። እንዲሁም በመዝገቡ ውስጥ የቁጥር ስሕተት ሊኖር ይችላል፤ በወር የተጻፈ ገቢ በዓመት እንደተጻፈ ተቆጥሮ ወይም በተቃራኒው ተወስዶ ሊሆን ይችላል። እነዚህም ለዳግም ዕይታ ያበቃሉ፤ ሆኖም ለምን አሁን እንደቀረቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር መብራራት አለባቸው።

በምሳሌው ያለው ሁኔታ ጥንቃቄ የሚፈልግበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ የተሰጠው ጥቅምት 25 ቀን ሲሆን ኮሚቴው የወሰነው ኅዳር 16 ቀን ነው፤ ስለዚህ ጠንቃቃ የኮሚቴ አባል «ሦስት ሳምንት እያላት ለምን አላሳወቀችም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ቀላልና እውነተኛ ነው፤ ማመልከቻ መቀበያው ተዘግቶ ነበር፣ አባቷም እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ደመወዙን እየተቀበለ ስለነበር የቤተሰቡ ገቢ ገና አልተቀነሰም ነበር። ይህ መልስ ጥያቄው ሳይነሣ በደብዳቤው ውስጥ ከተቀመጠ አመልካቿን ታማኝ ያደርጋታል፤ ሳይጻፍ ቀርቶ ኮሚቴው ራሱ ቀኖቹን አመሳክሮ ካገኘው ግን የተደበቀ ነገር ይመስላል።

ልብ ይሏል፣ ቅሬታና የዳግም ዕይታ ጥያቄ በአሠራር የተለያዩ ናቸው። ቅሬታ ኮሚቴው በእጁ በነበረው መረጃ ላይ ተሳስቷል ይላል፤ የዳግም ዕይታ ጥያቄ ደግሞ ውሳኔው በጊዜው በነበረው መረጃ ትክክል እንደነበረ ተቀብሎ መረጃው ተለውጧል ይላል። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ መደባለቅ ጉዳዩን ወደ ሌላ ክፍል ሊያስመራው ይችላል፤ ከዚህም በላይ ኮሚቴው የራሱን ስሕተት እንዲያምን ከመጠየቅ የተለወጠ ሁኔታን እንዲመዝን መጠየቅ እጅግ የቀለለ ነው።

3. ማስረጃውን ማሰባሰብ

ማስረጃ ሲሰበሰብ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ «ይህን ወረቀት የሰጠው አካል ነገሩን በራሱ ያውቀዋል ወይ?» የሚለው ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ስለ አንድ ቤተሰብ ዝቅተኛ ገቢ የሚጽፈው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ በጠያቂው ቃልና በምስክሮች ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ብቻውን ሲቀርብ ክብደቱ አነስተኛ ነው። የአሠሪው የስንብት ደብዳቤ ግን የሚመጣው ድርጊቱን ከፈጸመው አካል ነው። ስለዚህ በምሳሌው ላለው ቤተሰብ ዋናው ማስረጃ የስንብት ደብዳቤው ሲሆን፣ የደብዳቤው ቁጥር፣ ቀን፣ የስንብቱ ምክንያትና የመጨረሻው የሥራ ቀን በግልጽ መነበብ አለባቸው። ሁለተኛው ደጋፊ ማስረጃ ደመወዝ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ የስድስት ወር መግለጫ ነው፤ የደመወዙ መግባት የቆመበት ወር በዓይን ይታያልና።

የባንክ መግለጫ ግን ሳይነበብ መያያዝ የለበትም። በአዲስ አበባ ቤተሰቦች ዘንድ በብዛት የሚያጋጥመው ነገር የእቁብ ዕጣ ነው፤ አባትየው በኅዳር ወር 60,000 ብር የእቁብ ዕጣ ደርሶት ሒሳቡ ውስጥ ከገባ፣ መግለጫውን የሚያይ ሰው ከደመወዙ ሌላ ትልቅ ገቢ ያለ ይመስለዋል። ከውጭ አገር ዘመድ የተላከ ገንዘብም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያሉ ገቢዎች በመግለጫው ላይ በእስክርቢቶ ምልክት ተደርጎባቸው በደብዳቤው ወይም በአባሪ ገጽ ላይ በአንድ መስመር መብራራት አለባቸው፤ እቁቡም ቢሆን ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው እስከ ዙሩ መጨረሻ መክፈሉን ስለሚቀጥል፣ ገቢ ከመሆን ይልቅ ወደ ዕዳ የሚጠጋ መሆኑ ቢጻፍ ለአመልካቹ ይጠቅማል።

በምሥራቅ አዲስ አበባ የተለየ ትኩረት የሚሻ ሌላ ነገር የአድራሻ አለመጣጣም ነው። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተቋቋመ በመሆኑ፣ በአያትና በቦሌ አራብሳ የሚኖሩ ቤተሰቦች የቆየ መታወቂያ ወይም የኪራይ ውል ቦሌ ወይም የካ ሊል፣ አዲሱ የወረዳ ደብዳቤ ደግሞ ለሚ ኩራ ሊል ይችላል። ለአካባቢው ሰው ይህ ምንም አያስደንቅም፤ ከሌላ ከተማ የመጣ የኮሚቴ አባል ግን ሁለት መኖሪያ ያለ ሊመስለው ይችላል። መፍትሔው በደብዳቤው ራስጌ ላይ አሁን የሚሠራበትን አድራሻ ጽፎ፣ በአባሪው ዝርዝር ላይ «የቀድሞው ቦሌ ክፍለ ከተማ» ብሎ ማመልከት ነው።

ዝምድናውንም ማስረዳት ያስፈልጋል። በስንብት ደብዳቤው ላይ የተጠቀሰው ሰው የአመልካቿ አባት መሆኑን ስሙ ብቻ አያረጋግጥም፤ የአንድ አባት ስም የብዙ ሰዎች ስም ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ ይህን ክፍተት ይዘጋል። የግል ድርጅቶች ደብዳቤዎቻቸውን በእንግሊዝኛ የሚጽፉበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ የአባትየው ስም በእንግሊዝኛው ደብዳቤ፣ በመታወቂያውና በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ተቀራራቢ ሆኖ መጻፉን ማየት ይገባል፤ ልዩነት ካለ ድርጅቱ እንዲያስተካክል መጠየቅ በኋላ ከማብራራት ይሻላል።

ሁሉም ማስረጃ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት መረጋገጥ አለበት የሚለው እምነት በብዙዎች ዘንድ ቢኖርም፣ ዩኒቨርሲቲው ካልጠየቀ በቀር አስፈላጊ አይደለም። ቅጂውን ከዋናው ጋር ይዞ ቀርቦ ተቀባዩ እንዲያመሳክረው ማድረግ በአብዛኛው ይበቃል።

4. ሒሳቡን መሥራት

ብዙ ደብዳቤዎች የሚወድቁት ማስረጃ አጥተው ሳይሆን ሒሳብ አጥተው ነው። ኮሚቴው የሚፈልገው የቤተሰቡ ገቢ ከስንት ወደ ስንት እንደወረደ፣ የወጪው ልክና ልዩነቱ በምን እንደሚሸፈን ነው። በምሳሌው ቤተሰቡ ቀድሞ በወር 24,000 እና 7,000 በድምሩ 31,000 ብር ያገኝ ነበር፤ ከታኅሣሥ 25 ቀን በኋላ የቀረው የእናትየው 7,000 ብር ብቻ ነው። ወጪው የቤት ኪራይ 11,000 ብር፣ ምግብ፣ ትራንስፖርትና የሁለቱ ታናናሾች ትምህርት 16,000 ብር፣ በድምሩ 27,000 ብር ነው። ስለዚህ በየወሩ 20,000 ብር ይጎድላል።

እዚህ ላይ ብዙ አመልካቾች የሚዘሉት፣ ልምድ ያለው የኮሚቴ አባል ግን ወዲያው የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ አባትየው የሥራ ስንብት ክፍያ አላገኘም ወይ? በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በሠራተኛ ቅነሳ የተሰናበተ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ያህል፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን አንድ ሦስተኛ፣ በድምሩ ከአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ የማይበልጥ ክፍያ ያገኛል፤ በቅነሳ ምክንያት ደግሞ የሁለት ወር ደመወዝ ያህል ይጨመርለታል። አባትየው ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ከሆነ የመጀመሪያው ዓመት 24,000 ብር፣ ቀሪዎቹ ስምንት ዓመታት እያንዳንዳቸው 8,000 ብር ማለትም 64,000 ብር፣ ተጨማሪው የሁለት ወር ክፍያ 48,000 ብር፣ በጠቅላላው 136,000 ብር ገደማ ይሆናል።

ይህን ገንዘብ መደበቅ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ በባንክ መግለጫው ላይ ስለሚታይ እምነት ያሳጣል፣ ደግሞም አመልካቿን የሚጠቅማትን ክርክር ያስቀራል። ገንዘቡ ምንም ግብር ባይቀነስበት እንኳ በየወሩ ለሚጎድለው 20,000 ብር ሲካፈል የሚያዘልቀው ከሰባት ወር በታች ነው፤ ከፊቷ ያለው ትምህርት ግን ገና ሰባት መንፈቅ ዓመት የሚቀረው ሲሆን፣ የአንዱ መንፈቅ ክፍያ 30,000 ብር ከሆነ ቀሪው የትምህርት ክፍያ ብቻ 210,000 ብር ይደርሳል። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከየትኛውም የልመና ዓረፍተ ነገር በላይ ይናገራሉ።

ሒሳቡ በግማሽ ገጽ ሠንጠረዥ ተሠርቶ እንደ አባሪ ቢያያዝ ይመረጣል፤ በደብዳቤው ውስጥ ግን ሦስት ወይም አራት ቁጥሮች ብቻ ይበቃሉ። የተጋነነ ወጪ መጻፍ አያስፈልግም፤ የቤት ኪራይ በውል፣ የታናናሾቹ የትምህርት ክፍያም በደረሰኝ ስለሚረጋገጥ አንዱ ቁጥር ከማስረጃው ከፍ ብሎ ከተገኘ ሌሎቹም ይጠረጠራሉ። አባትየው በግሉ የሚሠራ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ይበልጥ ይከብድ ነበር፤ የሒሳብ መዝገብ የማይይዙ አነስተኛ ነጋዴዎች ግብር ሲከፍሉ የቆዩት በግምት ስለሆነ፣ የገቢውን መቀነስ የሚያሳየው የግብር ደረሰኙ ሳይሆን የንግድ ፈቃዱ መመለሱን ወይም ሱቁ መነሣቱን የሚገልጸው የክፍለ ከተማው ደብዳቤ ነው።

5. ደብዳቤውን መጻፍ

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ተቀባዩ በክልከላው ደብዳቤ ላይ የፈረመው አካል ወይም በመመሪያው የተሰየመው ኮሚቴ ነው። በጉዳዩ መስመር ላይ የሚጻፈው «ትብብር ስለመጠየቅ» የሚል አጠቃላይ ሐረግ ሳይሆን፣ ደብዳቤው የሚመለከተውን ውሳኔ በቁጥሩና በቀኑ የሚጠራ ሐረግ መሆን አለበት፤ መዝገብ ቤቱ ደብዳቤውን ከቀድሞው ፋይል ጋር የሚያገናኘው በዚህ ነውና። ከዚያ በኋላ አምስት ነገሮች በቅደም ተከተል ይመጣሉ፦ የውሳኔው ምክንያት፣ የተለወጠው ነገር ከነቀኑ፣ ለምን ቀድሞ እንዳልቀረበ፣ ቁጥሮቹና የሚጠየቀው ነገር። ለምሳሌው ተማሪ ደብዳቤው እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦

«ለነጻ ትምህርት ዕድል ኮሚቴ፣

ጉዳዩ፦ ኅዳር 16 ቀን 2017 በቁጥር (የደብዳቤው ቁጥር) የተሰጠው ውሳኔ በአዲስ መረጃ ምክንያት ዳግም እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ።

መስከረም 20 ቀን 2017 ያቀረብኩት የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ የቤተሰቤ ገቢ በመመሪያው ከተቀመጠው ጣሪያ በላይ በመሆኑ ተቀባይነት እንዳላገኘ ከላይ በተጠቀሰው ደብዳቤ ተገልጾልኛል። ውሳኔው በወቅቱ ባቀረብኩት መረጃ ላይ የተመሠረተ መሆኑን እረዳለሁ።

ከማመልከቻው በኋላ ግን አባቴ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ባደረገው የሠራተኛ ቅነሳ ከታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ጀምሮ ከሥራ ተሰናብቷል። የስንብት ማስጠንቀቂያው ጥቅምት 25 ቀን የተሰጠ ቢሆንም የማመልከቻ መቀበያው ተዘግቶ ስለነበርና ደመወዙም እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ስላልተቋረጠ በወቅቱ ላቀርበው አልቻልኩም።

በዚህ ምክንያት የቤተሰቤ ወርኃዊ ገቢ ከ31,000 ብር ወደ 7,000 ብር የወረደ ሲሆን መሠረታዊ ወጪው 27,000 ብር ነው። አባቴ ያገኘው የስንብት ክፍያ 136,000 ብር ያህል ሲሆን የሚጎድለውን ወጪ ከሰባት ወር ላነሰ ጊዜ ብቻ ይሸፍናል። ዝርዝሩ በአባሪ 5 ተያይዟል።

ስለዚህ ከ2017 ዓ.ም. ሁለተኛ መንፈቅ ዓመት ጀምሮ የትምህርት ክፍያዬ በሙሉ በነጻ ትምህርት ዕድል እንዲሸፈንልኝ፣ ይህ ካልተቻለ በግማሽ እንዲሸፈንልኝ፣ ይህም ካልሆነ ክፍያውን በየወሩ ከፋፍዬ እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አባቴ ሥራ ካገኘ በጽሑፍ ለማሳወቅ ዝግጁ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር፣ ሙሉ ስም፣ የተማሪ መለያ ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ፣ ጥር 5 ቀን 2017

አባሪ፦ 1. የክልከላው ደብዳቤ፤ 2. የስንብት ደብዳቤ፤ 3. የስድስት ወር የባንክ መግለጫ፤ 4. የልደት ምስክር ወረቀት፤ 5. የገቢና ወጪ ሠንጠረዥ ከኪራይ ውልና ከትምህርት ቤት ደረሰኞች ጋር።»

ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ የቀሩት ነገሮችም ሊታዩ ይገባል። ተማሪዋ የልጅነት ሕልሟ ስለነበረው ሙያ፣ ስለ ትጋቷም ሆነ ዩኒቨርሲቲው ስላለው ዝና አልጻፈችም፤ እነዚህ ሁሉ በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ የነበሩና ውሳኔውን ያልለወጡ ናቸውና። እንዲሁም ሌላ ተማሪ ዕድሉን እንዳገኘ ጠቅሳ ራሷን አላወዳደረችም፤ እንዲህ ያለ ንጽጽር ደብዳቤውን ወደ ቅሬታ ይለውጠዋል፣ የሌላውን ተማሪ መዝገብ ያላየ ሰውም ሊያስረዳው አይችልም። ሦስቱ አማራጮች ከትልቁ ወደ ትንሹ መደርደራቸው በአጋጣሚ የተደረገ አይደለም፤ ሙሉውን መስጠት ያልቻለ ኮሚቴ የሚሰጠው ነገር አጥቶ ጥያቄውን በሙሉ እንዳይዘጋው የሚያደርግ ነው። ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ብላ መወሰኗም ተገቢ ነው፤ የተከፈለ ክፍያ ተመላሽ እንዲሆን መጠየቅ ከኮሚቴው ሥልጣን ወጥቶ ወደ ፋይናንስ ክፍል ስለሚሄድ ጉዳዩን ያዘገያል።

ዩኒቨርሲቲው ውጭ አገር የሚገኝ ከሆነ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ ሁለት ነገሮች ግን ይጨመራሉ። ቀኖች ሁሉ ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መለወጥ አለባቸው፤ ጥር 5 ቀን 2017 ጃንዋሪ 13፣ 2025 መሆኑን የማያውቅ አንባቢ ማስረጃው ስምንት ዓመት ያለፈበት ሊመስለው ይችላል። ብሩ ወደ ዶላር የተመነዘረበት ቀንና ተመንም መጠቀስ አለበት፤ ምክንያቱም የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረ ሲሆን፣ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል። በአሮጌው ተመን የተሰላ የቤተሰብ ገቢ በአዲሱ ሲሰላ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ይህም ማመልከቻው ከዚያ ቀን በፊት ለቀረበ ተማሪ ራሱን የቻለ አዲስ መረጃ ነው። ከዚያ በኋላ ላመለከተ ግን አዲስ አይደለም፤ እንደ አዲስ ማቅረቡም ሌላውን እውነተኛ መረጃ ያሳንሳል።

6. ማስገባትና መከታተል

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ በአካል ወደ መዝገብ ቤት መቅረብ አለበት፤ አንዱ ቅጂ ገቢ ሲሆን በሁለተኛው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ተደርጎበት በአመልካቹ እጅ ይቀራል። ለሚያውቁት ሰው ስጥልኝ ብሎ በእጅ መላክ ፈጣን ቢመስልም፣ ደብዳቤው ጠፋ ከተባለ በጊዜ ገደቡ ውስጥ መቅረቡን የሚያሳይ ምንም ነገር አይኖርም። በኢሜይል በሚቀበሉ ተቋማት ዘንድ ሁሉም አባሪ በአንድ ፋይል ተሰብስቦ፣ ገጾቹ ተቆጥረውና በስልክ በተነሣ ደብዛዛ ፎቶ ሳይሆን በስካነር ተነሥተው ቢላኩ ይመረጣል።

በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንና ለእንባ ጠባቂ ተቋም ግልባጭ መጻፍ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ባለሥልጣኑ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን ጥራትና ፈቃድ የሚቆጣጠር ነው፤ አንድ የግል ተቋም በራሱ በጀት ለማን ነጻ ትምህርት እንደሚሰጥ አይወስንለትም። ኮሚቴውም ገና ሳያየው የተከሰሰ መስሎት ጉዳዩን ለሕግ ክፍል ሊመራው ይችላል።

ክትትሉ መመሪያው የሚሰጠው የመልስ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ የገቢውን ቁጥር ጠቅሶ በአጭር ማስታወሻ ቢሆን ይበቃል። መልስ እስኪመጣ ግን የምዝገባ ቀን አይጠብቅም፤ ሳይመዘገብ የቀረ ተማሪ የነጻ ዕድሉ ቢፈቀድለት እንኳ የሚማርበት ቦታ ሊያጣ ይችላል። መክፈል ካልቻለ ከምዝገባው ቀን በፊት የክፍያ ማራዘሚያ ወይም ትምህርት የማቋረጥ ፈቃድ፣ በተማሪዎች ዘንድ ዊዝድሮዋል የሚባለውን፣ በቅጹ ሞልቶ ማስፈቀድ ይኖርበታል። ያለ ቅጽ መቅረት እንደ መሰወር ተቆጥሮ ዳግም መግባትን ያከብዳል።

ጥያቄው ከተፈቀደ በኋላም የሚቀር አንድ ግዴታ አለ። በደብዳቤው ላይ የተሰጠው ቃል፣ አባትየው ሥራ ሲያገኝ ማሳወቅ፣ የሚፈጸመው በተመሳሳይ መንገድ በመዝገብ ቤት በኩል ነው፤ የነጻ ትምህርት ዕድሉ በየዓመቱ ሲታደስ ገቢው እንደገና ስለሚጠየቅ፣ አዲሱን ደመወዝ አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳወቀ ተማሪ በእድሳቱ ጊዜ የሚያቀርበው መግለጫ ከቀደመው ጋር ይጣጣማል። ያላሳወቀ ግን የአባቱ አዲስ ደመወዝ በባንክ መግለጫው ላይ ሲታይ እስከዚያ ቀን የተሸፈነለትን ክፍያ እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል።